«ለ1 ብር 12 ብር» ስለተባለው የብየዳ ስልጠና ግልጽ ደብዳቤ

በጎንደር ከተማ የአጭር ጊዜ የሙያ ስልጠና ለሚያስተባብረው ጽሕፈት ቤት

ጉዳዩ፦ የስልጠናው የወጪና ጥቅም ስሌት እንደገና እንዲሠራ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች፣

ባለፈው ወር በተጠራው የነዋሪዎች ስብሰባ ላይ የአራት ወሩ የብየዳ ስልጠና ውጤት ሲቀርብ፣ «መንግሥት ያወጣው እያንዳንዱ 1 ብር 12 ብር ሆኖ ተመልሷል» የሚል ዓረፍተ ነገር ተነበበና ተጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ፤ ቤቴ ስገባ ግን ቁጥሩ እንቅልፍ ነሳኝ። ብዙ ዓመት በፕላንና በጀት ሥራ አሳልፌ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ፤ በአምስት ዓመት 1 ብርን 12 የሚያደርግ ሥራ ቢኖር የአራዳ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ማሰልጠኛ ይከፍት ነበር። በማግስቱ ቢሯችሁ ድረስ መጥቼ ስሌቱን እንዳይ ስጠይቅ፣ አንዲት ባለሙያ ሳይሰለቹ ወረቀቱን ዘርግተው አሳይተውኛል፤ ለዚህም አመሰግናቸዋለሁ። ደብዳቤዬን በግልጽ የምጽፈው የሚቀጥለው ዙር በጀት በዚሁ ቁጥር ላይ ተመሥርቶ እንደሚጠየቅ ስለሰማሁና፣ ቁጥሩን የሰማው ነዋሪ ቁጥሩ እንዴት እንደተገኘም ሊሰማ ይገባዋል ብዬ ስለማምን ነው።

ከዚህ በታች የማነሳቸው አኃዞች አሠራሩን ለማሳየት እንዲመቹ አጠጋግቼና ገምቼ የያዝኳቸው ናቸው፤ ክርክሬ ከስሌቱ አካሄድ ጋር እንጂ ከብሩ ልክ ጋር አይደለም። በአንድ ዙር 30 ወጣቶች ሠለጠኑ፤ ለአንድ ሠልጣኝ 24,000 ብር ወጣ እንበል፤ በዚህ ውስጥ የአሠልጣኝ ክፍያ፣ ኤሌክትሮድ፣ ላሜራ፣ መብራትና የኪስ ገንዘብ አለ። ከ30ዎቹ 21ዱ ሥራ ይዘው በወር በአማካይ 7,000 ብር ያገኛሉ። ሪፖርቱ ያደረገው ይህን ነው፦ 7,000ን በ12 ወር አባዝቶ 84,000 አገኘ፤ ከ10 ሠልጣኞች 7ቱ ስለተቀጠሩ 58,800 አደረገው፤ በአምስት ዓመት አባዝቶ 294,000 አለ፤ ይህንንም ለ24,000 አካፈለ። መልሱ 12 ከሩብ ነው። ማባዛቱም ማካፈሉም ትክክል ነው። ስህተቱ የሚጀምረው ቁጥሮቹ ወደ ማባዛቱ ከመግባታቸው በፊት ነው።

ከሁሉ የሚከብደውን ላስቀድም። ጥቅም ማለት ሠልጣኙ የሚያገኘው ደመወዝ ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ሠልጥኖ በሚያገኘውና ሳይሠለጥን ሊያገኝ በነበረው መካከል ያለው ልዩነት ብቻ ነው። በዝርዝራችሁ ላይ «ሥራ የያዘ» ተብሎ የተጻፈ አንድ የጎረቤቴን ልጅ አውቃለሁ። አዘዞ የሚሠራበት ጋራዥ ሄጄ ባለቤቱን ጠየቅኋቸው። «ጋሼ፣ እሱማ ከስልጠናው በፊትም እኔው ዘንድ ነው የነበረ» አሉኝ። «ኤሌክትሮድ ሲያቀብል፣ በግራይንደር ሲቆርጥ፣ ዝገት መከላከያ ሲቀባ ሁለት ዓመት ሆኖታል። አሁን ሲኦሲ አልፎ ወረቀት ይዞ መጣ፣ ትንሽ ጨመርሁለት።» ለዚህ ልጅ የስልጠናው ጥቅም «ትንሽ ጨመርሁለት» የተባለችው ናት፤ ሪፖርቱ ግን ደመወዙን ከመጀመሪያው ሳንቲም ጀምሮ ለስልጠናው ቆጥሮለታል።

«ታዲያ ከስልጠናው በፊት የነበረውን ገቢ እንቀንስ» የሚል መልስ እንደሚመጣ እገምታለሁ፤ ባለሙያዋም ይህንኑ ነግረውኛል። ይህ ከምንም ይሻላል፤ ግን ወጥመድ አለው። ሰው ለስልጠና የሚመዘገበው አብዛኛውን ጊዜ ነገር ሲከፋበት ነው፤ የሚሠራበት ሕንፃ ሲያልቅ፣ ቀጣሪው ሲያሰናብተው ነው። በዚያ ወር የተመዘገበው ገቢ ከልማዱ ያነሰ ስለሆነ፣ ባይሠለጥንም ከጥቂት ወራት በኋላ ወደ ቀድሞው መመለሱ አይቀርም ነበር። አሜሪካዊው የኢኮኖሚ ባለሙያ ኦርሊ አሽንፌልተር በ1978 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የሠልጣኞች ገቢ ከስልጠናው በፊት ባለው ጊዜ ዝቅ ብሎ እንደሚታይ አሳይቷል፤ ከዚያ ወዲህ ይህ ቁልቁለት በስሙ ይጠራል። ከጉድጓድ ውስጥ ሆኖ የተለካ ቁመት ሁሉንም ረጅም ያስመስላል።

እናንተ ግን ከዚህ የሚያወጣችሁ ነገር በእጃችሁ አለ። ለ30 ቦታ የሚመዘገበው ሰው ከቦታው ይበልጣል፤ የሚመረጠውም እስከ አሁን ቀድሞ በመጣና በቃለ መጠይቅ ነው። ቀድሞ የሚመጣው ወሬ የሰማና ቀልጣፋው ስለሆነ፣ ሳይሠለጥንም የተሻለ ያገኝ ነበር። መስፈርቱን ካሟሉት መካከል ዕጣ ብታወጡ ግን፣ ዕጣ ያልወጣላቸው ሰዎች የወጣላቸው ባይሠለጥኑ ምን ይሆኑ እንደነበር የሚያሳዩ መስተዋት ይሆናሉ። ለኮንዶሚኒየም ዕጣ የለመደ ሕዝብ ለስልጠና ዕጣ ቅር የሚለው አይመስለኝም፤ እንዲያውም ሐሜቱ ይቀንሳል።

ዕጣ ካልወጣላቸው 30 ሰዎች 18ቱ ሥራ ኖሯቸው በአማካይ በወር 6,000 ብር አገኙ ብለን እንያዝ። ሥራ የሌላቸውን በዜሮ ቆጥረን አማካዩ 3,600 ብር ይሆናል። የሠለጠኑት አማካይ በዚያው አቆጣጠር 4,900 ነው። ልዩነቱ በወር 1,300፣ በዓመት 15,600 ብር ነው። ሪፖርቱ ለአንድ ሠልጣኝ በዓመት የያዘው 58,800 ነበር።

ልዩነቱ መቼ እንደሚለካም በእኛ ከተማ ቀላል ጉዳይ አይደለም። ክትትሉ የተደረገው በጥር ነው። ጥር ለጥምቀት እንግዳ ይገባል፤ ሆቴሉ በሩን ያስጠግናል፣ ባለሱቁ መደርደሪያ ያሠራል፣ በጋ ስለሆነ ግንባታውም ይቀጥላል። ነሐሴ ላይ ያው ብየዳ ቤት ዝናቡን እያየ ይውላል። በጥር የተገኘን ገቢ በ12 ማባዛት ዓመቱን ሙሉ ጥምቀት ማድረግ ነው። በጥቅምት ብትለኩ ደግሞ ሌላ ችግር ይመጣል፤ ካልሠለጠኑት ብዙዎቹ ሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ ስለሚወርዱ ስልካቸው አይነሳም። ከተማ ውስጥ የሚገኙት ሥራ ያጡት ብቻ ይሆኑና ስልጠናው ከሚገባው በላይ ጠቃሚ መስሎ ይታያል። ስለዚህ በጥርም በነሐሴም ለክታችሁ አማካዩን ውሰዱ፤ ከእያንዳንዱ ወገን ያልተገኘውም ሰው ስንት እንደሆነ ጻፉ። ካልሠለጠኑት ከሦስት አንዱ ጠፍቶ ከሠለጠኑት አንድም ካልጠፋ፣ የቀረው ንጽጽር የማይታመን መሆኑን ከዚያ አንድ ቁጥር ብቻ ማወቅ ይቻላል።

አሁን ወደ ወጪው ልምጣ፤ እዚህ ላይ ሪፖርቱ በአንድ በኩል አብዝቷል፣ በሌላ በኩል አሳንሷል። የኪስ ገንዘቡ፣ 6,000 ብር ነው እንበል፣ ከመንግሥት ኪስ ወጥቶ ሠልጣኙ ኪስ የገባ ነው። ለጽሕፈት ቤቱ በጀት ወጪ ነው፤ ለከተማው ሕዝብ በጠቅላላ ግን ከአንድ ኪስ ወደ ሌላ ኪስ ከመዘዋወሩ በቀር የጠፋ ነገር የለም። ኤሌክትሮዱ ግን ነዷል፤ የአሠልጣኙ ጊዜም አልፏል። ስለዚህ በሕዝብ ዓይን ሲታይ እውነተኛው ወጪ 18,000 ነው።

በዚህ ላይ ሪፖርቱ የረሳቸው ሁለት ነገሮች ይጨመራሉ። ሠልጣኙ አራቱን ወር ባይማር ኖሮ የቀን ሥራ ሠርቶ፣ ሥራ ያላገኘባቸውን ቀኖች በዜሮ ቆጥረን፣ በወር በአማካይ 3,000 ያገኝ ነበር ብንል 12,000 ብር አጥቷል። ይህ ገንዘብ በማንም ደረሰኝ ላይ አይታይም፤ የሠልጣኙ እናት ግን ያውቁታል። ሁለተኛው አዳራሹ ነው። የመንግሥት ስለሆነ በነጻ ተቆጥሯል፤ ነገር ግን በወር 15,000 ብር ሊከራይ የሚችል ከሆነ አራት ወሩ 60,000፣ ለአንድ ሰው 2,000 ብር ይደርሳል። ድምሩ 32,000 ብር ነው። ከበጀታችሁ 24,000 ይበልጣል፣ ምንም እንኳ የኪስ ገንዘቡን ከስሌቱ ያስወጣሁት ብሆንም።

አንድ ብልህ አንባቢ «የቀን ሥራውን ትቶ ሲመጣ ሌላ ሥራ አጥ ይገባበታል፤ ስለዚህ 12,000ው ለከተማው አልጠፋም» ሊል ይችላል። ልክ ነው፤ ግን ያ አባባል ወደ ሌላውም ወገን መዞር አለበት። ሠልጣኙ የያዘው የብየዳ ሥራስ ከማን የተወሰደ ነው? የአዘዞው ባለጋራዥ ስንለያይ እንዲህ አሉኝ፦ «በርና መስኮት የሚያሠራው ሰው አልጨመረም፤ የሚበይደው ነው የጨመረ። ሦስተኛው ዙር ከወጣ ወዲህ ዋጋ ሰብረው ይሠሩብናል።» የአንዱ ገቢ ሲጨምር የሌላው ከቀነሰ፣ ለከተማው የሚቆጠረው የተጣራው ብቻ ነው። የዋጋው መውረድ ቤት ለሚሠራው ሰው ጥቅም መሆኑን አልክድም፤ ያም ቢሆን ከበያጆቹ ኪስ የሄደ ነው።

ይህን መለካት ከባድ ነው። ሠልጣኞችንና ዕጣ ያልወጣላቸውን ማነጻጸር ብቻውን አያሳየውም፤ የተጎዳው ሰው ከሁለቱም ዝርዝር ውጭ የሆነ የቀድሞ በያጅ ሊሆን ይችላልና። በከተማው ያሉትን ብየዳ ቤቶች ከዙሩ በፊትና በኋላ ስንት ሰው እንደሚያሠሩና አንድ ካሬ ፍርግርግ በስንት እንደሚሠሩ እየዞሩ መጠየቅ ያስፈልጋል። ለጊዜው ከ4 ብር 1 ብሩ ከሌላ ሰው የተወሰደ ነው ብዬ ልገምት፤ ግምት መሆኑን አልደብቅም። ያኔ 15,600ው 11,700 ይሆናል።

የሚቀረው ጊዜ ነው። ሪፖርቱ የአምስተኛውን ዓመት ብር ከዛሬው ብር ጋር እኩል ደምሯል። እቁብ የገባ ሰው ይህን አይቀበልም። መጀመሪያ ዕጣ የወጣለትና መጨረሻ የደረሰው የሚቀበሉት ገንዘብ በቁጥር እኩል ነው፤ ሆኖም የቸገረው ሰው ብር ቆርጦ ለባለዕጣው ትቶ የቀደመውን ዕጣ ይገዛል። ያ የሚተወው ብር የጊዜ ዋጋ ነው። መንግሥትም የዛሬውን ብር ለስልጠና ባያውለው መንገድ ይጠግንበት፣ ውኃ ይስብበት ነበር፤ ስለዚህ ወደፊት የሚመጣው ጥቅም በዓመቱ ልክ ተቀንሶ ወደ ዛሬ ዋጋ መምጣት አለበት።

በስንት ይቀነስ? እዚህ ላይ ከሁሉ የሚበዛው ስህተት የዋጋ ንረትን ማደባለቅ ነው። በአገራችን ንረቱ በ2014 ዓ.ም. ዓመቱን ሙሉ ከ30 በመቶ በላይ እንደነበር እናስታውሳለን። ደመወዙ ወደፊት ይጨምራል ብላችሁ ከንረቱ ጋር እያሳደጋችሁ ከያዛችሁት፣ የምትቀንሱበት ምጣኔም ንረቱን የያዘ መሆን አለበት። እኔ እንዳደረግሁት ደመወዙን በዛሬ ዋጋ ካቆማችሁት ደግሞ ምጣኔውም ከንረት የጸዳ ይሁን። ለምሳሌ ገንዘብ በዓመት 32 በመቶ ወለድ ቢያወጣና ንረቱ 20 በመቶ ቢሆን፣ የጸዳው ምጣኔ ብዙ ሰው እንደሚያደርገው 32 ሲቀነስ 20፣ ማለትም 12 አይደለም፤ 1.32 ለ1.20 ሲካፈል 1.10 ስለሚሆን 10 በመቶ ነው። የዓለም ባንክ ለታዳጊ አገሮች ፕሮጀክቶች ለረዥም ጊዜ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲጠቀም ኖሯል፤ የብሪታንያ መንግሥት በራሱ አገር የሚጠቀመው 3.5 በመቶ ነው። እኔ 10ን ይዣለሁ።

በ10 በመቶ ከአንድ ዓመት በኋላ የሚመጣ 100 ብር ዛሬ 90.9 ብር ነው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚመጣው 82.6፣ ከአምስት ዓመት በኋላ የሚመጣው 62.1 ነው። አምስቱ ሲደመሩ፣ ለአምስት ዓመት በየዓመቱ የሚገኝ 1 ብር ዛሬ 3.79 ብር ገደማ ያወጣል። 11,700 በዚህ ሲባዛ 44,350 አካባቢ ይሆናል። ወጪውን 32,000 ስንቀንስ ለአንድ ሠልጣኝ 12,350 ብር ያህል የተጣራ ጥቅም ይተርፋል፤ ለ1 ብር 1 ብር ከ39 ሳንቲም ማለት ነው። ይህ የሚያሳፍር ውጤት አይደለም። ስሌቱ እዚህ ቢያልቅ ስልጠናው ይቀጥል ብዬ እፈርም ነበር።

ያላለቀው ግን ልዩነቱ አምስቱን ዓመት ሳይቀንስ ይቆያል የሚለው ግምት ስላለ ነው። ያልሠለጠነው ልጅም ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ በረዳትነት ገብቶ ሙያውን ከሥራው ላይ ይለምዳል፣ ልዩነቱም ይጠባል። በአገራችን ክሪስቶፈር ብላትማንና ስቴፋን ዴርኮን ከባልደረቦቻቸው ጋር አንድ ሺህ ለሚጠጉ የፋብሪካ ሥራ ፈላጊዎች ዕጣ አውጥተው ባደረጉት ጥናት፣ 300 ዶላር ገደማ ገንዘብና አጭር የንግድ ስልጠና የተሰጣቸው ሰዎች ከአንድ ዓመት በኋላ ገቢያቸው በሦስት እጅ አንድ ያህል በልጦ ተገኘ፤ ከአምስት ዓመት በኋላ ግን ያልተሰጣቸውም ደርሰውባቸው ልዩነቱ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ነበር። ብየዳ ገንዘብ አይደለምና ውጤቱን እንዳለ ወደ እኛ ማምጣት አይቻልም፤ ነገር ግን የአንድ ዓመት ቁጥር በአምስት ማባዛት ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ በቂ ማስጠንቀቂያ ነው።

ልዩነቱ በየዓመቱ በአምስት እጅ አንድ ቢቀንስ ምን እንደሚሆን ሠርቼዋለሁ። የመጀመሪያው ዓመት 11,700፣ ሁለተኛው 9,360፣ ሦስተኛው 7,490 ገደማ እያለ ይወርዳል፤ ወደ ዛሬ ዋጋ መጥቶ ሲደመር 31,065 ብር ያህል ነው። ወጪው 32,000 ነበር። ስልጠናው ከመጠነኛ ትርፍ ወደ መጠነኛ ኪሳራ ተሻገረ። እኔን ራሴን የገረመኝ ግን ሌላው ነው፤ ልዩነቱ ሳይቀንስ ይቆያል ብለን የቅናሽ ምጣኔውን ከ10 ወደ 20 በመቶ ብናሳድገው እንኳ ጥቅሙ ወደ 34,990 ይወርዳል እንጂ ከወጪው በታች አይሆንም። በሌላ አነጋገር፣ ስብሰባ ላይ ቢነሳ ብዙ የሚያከራክረው «ምጣኔው ስንት ይሁን» የሚለው ጥያቄ በዚህ ጉዳይ ውሳኔ አይለውጥም፤ ማንም ያልጠየቀው «ልዩነቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው ዓመት ስንት ሆነ» የሚለው ግን ይለውጣል። ክትትላችሁ ሠልጣኙ ከተመረቀ በስድስተኛው ወር የሚያበቃ ከሆነ፣ መልሱ ያለበት ቦታ ሳትደርሱ ትመለሳላችሁ።

የኪስ ገንዘቡ ለድሃ ቤተሰብ መድረሱ ራሱ ዓላማችን ነው ካላችሁ እቀበላለሁ፤ ነገር ግን በራሱ መስመር ለብቻው ይጻፍ እንጂ ከብየዳው ጥቅም ጋር አይደመር። «ወጣቱን ከሱስ አውጥተናል» የሚለውም በገንዘብ ካልተለካ በቃል ይቀመጥ።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። የሚቀጥለው ዙር ምዝገባ ሲከፈት መስፈርቱን ካሟሉት መካከል በሕዝብ ፊት ዕጣ ይውጣ፤ ዕጣ ያልወጣላቸው ሰዎች ስምና ስልክ፣ ከተቻለም የአንድ ዘመድ ስልክ ጭምር፣ በመዝገብ ይቀመጥ። እስከ አሁን በነበረው አሠራር ያልተመረጡት ማመልከቻ ዙሩ ሲያልቅ እንደሚወገድ ባለሙያዋ ነግረውኛል፤ ስሌቱ የሚያስፈልገው ግማሹ መረጃ የሚጣለው ያኔ ነው። ሁለቱም ወገኖች ለሦስት ዓመት በጥርና በነሐሴ ይጠየቁ። ለ60 ሰው ይህ በአንድ ሠራተኛና በስልክ ካርድ የሚሠራ ነገር ነው። 60 ሰው ጥቂት መሆኑን አውቃለሁ፤ ከአንድ ዙር የሚገኘው ልዩነት በአጋጣሚ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ስለሚችል፣ ሦስት አራት ዙር እስኪጠራቀም «ይህን ያህል ተመለሰ» ብሎ ማወጁ ይቆይ። እስከዚያው «ለ1 ብር 12 ብር» የሚለው ከበጀት ጥያቄው ላይ ይነሣ።

የሠራሁበትን ወረቀት ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዤ ለመዝገብ ቤታችሁ አስገብቻለሁ። ከሌላ ሰው የተወሰደ ሥራ ነው ብዬ የያዝኩትን ሩብ በእርሳስ ጽፌዋለሁ፤ ብየዳ ቤቶቹን ዞሮ የሚጠይቅ ሰው ከተመደበ እኔም አብሬው ለመዞር ፈቃደኛ ነኝ፤ የአዘዞዎቹን አውቃቸዋለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የጎንደር ነዋሪ፣ ጡረተኛ የፕላንና በጀት ባለሙያ